ባለሁለት ደረጃ ፔጅ ቴብል ሚሞሪ የሚቆጥበው የቱ ጋ ነው? ሴግመንቴሽንስ ለምን ተተወ?

የጠባሴዋ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:40

ጤና ይስጥልን። ሰኞ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ፈተና አለን፤ እዚህ ደብረ ብርሃን አብረን የምናጠና ልጆች አንድ ጥያቄ ላይ ቆመናል።

አድሬሱ 32 ቢት ነው፣ ፔጁ 4 ኪሎባይት፣ የፔጅ ቴብሉ አንድ መስመር 4 ባይት። ፕሮሰሱ የሚጠቀመው እነዚህን ብቻ ነው፦ ከ0x08048000 ጀምሮ 48 ኪሎባይት ኮድ፣ ወዲያው ከሱ ተከትሎ 200 ኪሎባይት ሂፕ፣ ከ0xC0000000 ሥር ደግሞ 16 ኪሎባይት ስታክ። በአንድ ደረጃ ቴብሉ 4 ሜጋባይት ይሆናል፣ በሁለት ደረጃ 12 ኪሎባይት ይላል መልሱ።

የመጀመሪያው ገብቶኛል፤ 1,048,576 ፔጅ በ4 ባይት ሲባዛ 4 ሜጋባይት ነው። ሁለተኛው ነው ያልገባኝ። ሁለት ደረጃ ማለት በቴብል ላይ ሌላ ቴብል መጨመር አይደለም እንዴ? የተጨመረ ነገር እንዴት ይቀንሳል?

ሌላው ጥያቄዬ፣ ሴግመንቴሽን ቢሆን ለሦስት ቦታ ሦስት መስመር ይበቃ ነበር። ታዲያ ይህን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው?

ጣርማ በር · ከምሽቱ 1:58

ቀላል ነው። የፔጅ ቁጥሩ 20 ቢት ነበር፣ ወደ 10 እና 10 ተከፈለ። ስለዚህ 2^20 መስመር መሆኑ ቀርቶ 2^10 + 2^10 ሆነ፣ ማለትም 2048 መስመር። በ4 ባይት 8 ኪሎባይት ይመጣል። 12 የሚለው መልስ የተሳሳተ ይመስለኛል፤ አስተማሪያችሁን ጠይቁት።

ሸዋ ሮቢት · ከምሽቱ 2:05

እኔም ፔጂንግ ላይ ችግር አለብኝ። ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው፣ ብሮውዘር ስከፍት ይንቀረፈፋል። የፔጂንግ ፋይሉን ከ4 ወደ 8 ጊጋ ባሳድገው ይረዳኛል?

አሮጌው ከርነል · ከምሽቱ 2:31

ጣርማ በር፣ አከፋፈሉ ልክ ነው፤ ድምሩ ግን አይደለም። በሁለተኛው ደረጃ ያለው አንድ ቴብል ብቻ አይደለም። እስከ 1024 ቴብል ሊኖር ይችላል፤ ስንቱ በእርግጥ እንደሚኖር የሚወስነው ፕሮሰሱ የሚጠቀምበት አድሬስ ነው። ያንተ 8 ኪሎባይት የሚመጣው ኮዱም ሂፑም ስታኩም በአንድ 4 ሜጋባይት ውስጥ ቢያድሩ ነበር። የተማሪዋ ስታክ ግን ከኮዱ ወደ 3 ጊጋባይት ርቆ ነው ያለው። ስለዚህ 12 ትክክል ነው።

የጠባሴዋ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። መጀመሪያ ባለአንድ ደረጃው ቴብል ለምን 4 ሜጋባይት ለመሆን እንደሚገደድ እንይ። ሲፒዩው ቴብሉን አገላብጦ አይፈልግም። የፔጁን ቁጥር በ4 ያባዛል፣ በቴብሉ መነሻ ላይ ይደምራል፣ እዚያ ያገኘውን ያነባል። በቃ። ስለዚህ የእያንዳንዱ መስመር ቦታ በቁጥሩ የተወሰነ ነው። የኮድሽ የመጀመሪያ ፔጅ ቁጥር 32840 ነው፤ ኮድና ሂፕ አንድ ላይ 62 ፔጅ ስለሆኑ 32901 ላይ ያበቃሉ። የስታኩ የመጀመሪያ ፔጅ ደግሞ 786428 ነው። በመካከል 753,526 መስመር ባዶውን ተቀምጧል። ባዶ መስመርም 4 ባይቱን ይይዛል፤ «እዚህ ምንም የለም» ለማለት ብቻ ወደ 3 ሚሊዮን ባይት ራም ሄደ ማለት ነው። ከሚሊዮኑ መስመር ሥራ ላይ የዋለው 66 ነው።

አሁን ያንኑ ትልቅ ቴብል አትቀይሪው፤ ብቻ በመቀስ ቁረጪው። እያንዳንዱ ቁራጭ 1024 መስመር ይኑረው፣ ማለትም 4 ኪሎባይት፣ ልክ አንድ ፔጅ። 1024 ቁራጭ ይወጣል። አንዱ ቁራጭ 4 ሜጋባይት አድሬስ ይሸፍናል። ከዚያ በየቁራጩ ውስጥ የተሞላ መስመር መኖሩን ተመልከቺ። ቁራጭ 32 ውስጥ ኮዱና ሂፑ አሉ፣ ከመስመር 72 እስከ 133። ቁራጭ 767 ውስጥ ስታኩ አለ፣ ከ1020 እስከ 1023። ሌሎቹ 1022 ቁራጮች ሙሉ በሙሉ ባዶ ናቸው። ጣያቸው።

ከጣልሽ በኋላ ግን የቀሩት የት እንዳሉ፣ የተጣሉትም እንደተጣሉ የሚናገር ዝርዝር ያስፈልጋል። ዳይሬክተሪው ያ ነው፤ 1024 መስመር፣ 4 ኪሎባይት። ድምሩ 4 እና 4 እና 4 ነው፣ 12።

ስለዚህ «ሁለተኛው ደረጃ» የምትይው አዲስ ነገር አይደለም፤ የድሮው ቴብል ተቆራርጦ ነው። አዲስ የተጨመረው ዳይሬክተሪው ብቻ ነው። 4 ኪሎባይት ጨምረሽ 1022 ባዶ ቁራጭ አስወገድሽ። መቶ ፕሮሰስ ቢኖር 400 ሜጋባይት መሆኑ ቀርቶ ወደ 1.2 ሜጋባይት ይወርዳል።

አድሬሱ እንዴት እንደሚፈታ በእጅሽ ሞክሪው። 0x08049A10ን ውሰጂ፦

```c
dir = va >> 22;            // 32
tab = (va >> 12) & 0x3FF;  // 73
off = va & 0xFFF;          // 0xA10
```

የዳይሬክተሪው መስመር 32 የሁለተኛውን ቴብል ፍሬም ይሰጥሻል፣ የዚያ ቴብል መስመር 73 የዳታውን ፍሬም ይሰጥሻል፣ 0xA10 እዚያ ፍሬም ውስጥ ስንተኛው ባይት እንደሆነ ይነግርሻል።

ምንጃር · ከምሽቱ 2:40

ሸዋ ሮቢት፣ ወንድሜ፣ ያንተ ጥያቄ ዲስክ ላይ ስላለው የስዋፕ ፋይል ነው። ፋይሉን ብታሳድገው ፕሮግራሙ «ሚሞሪ አለቀ» ብሎ ከመዘጋት ይድን ይሆናል፤ መንቀርፈፉ ግን ከራሙ ማነስ የመጣ ስለሆነ አይለቅህም። እዚህ የምናወራው የትኛው ፔጅ በየትኛው ፍሬም እንዳለ ስለሚመዘግበው ቴብል ነው። ለብቻው ክር ክፈትበት፣ እዚያ እንመልስልሃለን።

መንዜ · ከምሽቱ 2:52

እኔ የሚገባኝ እንዲህ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት አድርጎ አጣዬ የሚደርሰውን መንገድ አስቡት። መንገዱ ዳር ያሉትን ቤቶች ለመመዝገብ ለእያንዳንዱ አሥር ሜትር አንድ መስመር ብትይዙ፣ ሰው የሌለበት ገደልና ሜዳ ሁሉ መዝገቡን ይሞላዋል። ከዚያ ይልቅ አንድ ማውጫ ይኑርና ቤት ላለበት ቀበሌ ብቻ መዝገብ ይከፈት። ቤት የሌለበት ቀበሌ ማውጫው ላይ «የለም» ተብሎ ይታለፋል። ባለሁለት ደረጃው ይኸው ነው አይደል?

አሮጌው ከርነል · ከምሽቱ 3:10

ጥሩ ምሳሌ ነው፤ አንድ እርምጃ ወደፊት ልውሰደው፣ ምክንያቱም ድክመቱም እዚያው ምሳሌ ውስጥ ስላለ።

ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ቤቱ ተጠጋግቶ ነው የተሠራው፤ አንድ መዝገብ ተከፍቶ ብዙ መስመሩ ይሞላል። የመንዝን ደጋ ግን አንተው ታውቀዋለህ፤ አንዱ ጎጆ እዚህ፣ ሌላው ከወንዙ ማዶ። በየቀበሌው አንድ አንድ ቤት ብቻ ቢኖር ለእያንዳንዱ ባለ1024 መስመር መዝገብ መክፈት ግድ ይሆናል፤ 1023 መስመሩም ባዶ ይቀራል።

በቁጥር ሲሆን፣ በየ4 ሜጋባይቱ አንድ ፔጅ ብቻ የሚነካ ፕሮግራም አለ እንበል። 1024 ፔጅ ይነካል፣ ዳታው 4 ሜጋባይት ነው። 1024ቱም ሁለተኛ ደረጃ ቴብሎች ይፈጠራሉ፣ 4 ሜጋባይት። በላዩ ዳይሬክተሪው 4 ኪሎባይት። ቴብሉ ዳታውን አከለ፤ ባለአንድ ደረጃ ከሚወስደውም በ4 ኪሎባይት በለጠ። አድሬሱን በመቶኛ ብታሰላው ግን ፕሮግራሙ ከ1024 ፔጅ አንዱን ብቻ ነው የያዘው፣ እጅግ የሳሳ ነው።

ስለዚህ መሳሳት ብቻውን አይቆጥብም። የሚቆጥበው የተጠቀመበት ቦታ መሰባሰቡና ክፍተቱ ሰፊ መሆኑ ነው። ክፍተቱም ቢያንስ አንድ ሙሉ የ4 ሜጋባይት ክልል ከድንበር እስከ ድንበር መዋጥ አለበት። 5 ሜጋባይት ክፍተት ከአንድ ክልል አጋማሽ ተነስቶ የሚቀጥለው ክልል ውስጥ ቢያልቅ አንድም ቴብል አያስቀርም።

የጠባሴዋ · ከምሽቱ 3:22

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ መቀሱ ነው ያበራልኝ። እስቲ መረዳቴን ይዩልኝ። ኮዱና ሂፑ አንድ ላይ 248 ኪሎባይት ናቸው። መነሻቸው የ4 ሜጋባይት ድንበር አጠገብ ቢሆንና ድንበሩን ቢያቋርጡ ሁለት ቴብል ያስፈልጋቸዋል፤ ከስታኩ ጋር ሦስት፣ ከዳይሬክተሪው ጋር 16 ኪሎባይት። የፕሮሰሱ መጠን ሳይለወጥ ቴብሉ አደገ ማለት ነው?

አሮጌው ከርነል · ከምሽቱ 3:25

አዎ፣ ልክ ነሽ። ፈተና ላይ አድሬሱን ሳያዩ መጠኑን ብቻ በ4 ሜጋባይት አካፍሎ የሚመልስ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ሁልጊዜ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አድሬስ በ22 ቢት ወደ ቀኝ ገፍተሽ የዳይሬክተሪ ቁጥራቸውን አውጪ።

ጣርማ በር · ከምሽቱ 3:41

እሺ፣ ድምሩ ላይ ተሳስቻለሁ፤ አሁን ገባኝ። ግን አንድ ነገር አሁንም አላሳመነኝም። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚሰጠው ራም እስኪነካ ድረስ ቦታ አይይዝም አይደል? ታዲያ ባለአንድ ደረጃውን 4 ሜጋባይት ቴብል እንዲሁ ተይዞ ያልተነካው ክፍሉ ራም አይያዝ ማለት አይቻልም? መቀሱ ሳያስፈልግ ቁጠባው ይመጣ ነበር።

ምንጃር · ከምሽቱ 3:58

ጣርማ በር፣ ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ተከትለህ ሂድበት። «እስኪነካ ቦታ አይይዝም» የምትለው አድሬስ በፔጅ ቴብል ስለሚተረጎም ነው። ቴብሉን ራሱን ግን ሲፒዩው የሚያነበው ከእውነተኛው የራም አድሬስ ነው፤ የቴብሉን መነሻ የሚይዘው የሲፒዩው ሬጅስተር፣ ሲአር3፣ ውስጥ ያለው ፊዚካል አድሬስ ነው። ያ አድሬስ አይተረጎምም፣ ስለዚህ 4 ሜጋባይቱ በእርግጥ ራም ላይ በተከታታይ መኖር አለበት። 1024 ፍሬም ጎን ለጎን፣ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ። ማሽኑ ጥቂት ከሠራ በኋላ ይህን ያህል ተከታታይ ባዶ ቦታ ማግኘት ራሱ አስቸጋሪ ነው።

«እንግዲያውስ ቴብሉም ይተርጎም» ካልክ፣ ቴብሉን የሚተረጉም ሌላ ቴብል ያስፈልግሃል። ያ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ቫክስ ማሽኖች በዚህ መንገድ ነው የሄዱት፤ የፕሮሰሱ ፔጅ ቴብል በሲስተሙ ቨርቹዋል አድሬስ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ባንተ መንገድ ብትሄድም የምትደርሰው እዚያው ነው።

አሁን ወደ ሴግመንቴሽን። የጠባሴዋ እንዳለችው በቴብል መጠን ሴግመንቴሽን ያሸንፋል። በ386 አንድ ዲስክሪፕተር 8 ባይት ነው፤ ሦስቱ 24 ባይት። ከ12 ኪሎባይት ጋር አይወዳደርም። ለሳሳ አድሬስ ቴብሉን ማሳነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ እዚያ ያልቅ ነበር።

ዕዳው ያለው ራሙ ላይ ነው። ሴግመንት መነሻና ወሰን ብቻ ስላለው በውስጡ ያለው ሁሉ ራም ላይ ሳይቋረጥ መቀመጥ አለበት። ራሙ ላይ ሦስት ባዶ ቦታ አለ እንበል፣ 90፣ 70 እና 110 ኪሎባይት። ድምሩ 270 ነው፣ ሂፑ የሚፈልገው 200፤ ግን አይገባም። ወይ የሌሎችን ሴግመንት እየገለበጡ ማጠጋጋት ነው፣ ወይ መጠበቅ። በፔጂንግ ግን 200 ኪሎባይት ማለት 50 ፍሬም ነው፣ 50ውም ከየትም ቢለቀሙ ግድ የለም።

ማደግም እንደዚያው ነው። ሂፑ ከ200 ወደ 300 ልደግ ሲል ከጎኑ የሌላ ፕሮሰስ ሴግመንት ካለ 200 ኪሎባይቱ ሙሉ ወደ ሌላ ቦታ ተገልብጦ መነሻው መቀየር አለበት። በፔጂንግ 25 መስመር ይጨመራል፤ እዚያው ቁራጭ 32 ውስጥ ቦታ ስላለ አዲስ ቴብል እንኳ አይፈጠርም።

ፔጂንግ የሚያባክነው የመጨረሻውን ፔጅ ጭራ ነው። ሂፑ 201 ኪሎባይት ቢሆን 51 ፔጅ ይይዛል፣ 3 ኪሎባይት ይባክናል። በአማካይ በየክልሉ ግማሽ ፔጅ ነው። እኔ ይህን ብክነት ያለማመንታት እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ የሴግመንቱ ግን ማሽኑ በቆየ ቁጥር ይብሳል።

በነገራችን ላይ ኢንቴል ሁለቱንም ነው የያዘው። 8086 በ1978 የ64 ኪሎባይት ሴግመንት ነበረው፣ 80286 በ1982 በሴግመንት ላይ ጥበቃ ጨመረ፣ 80386 በ1985 ከሴግመንቱ ሥር ይህን የ10፣ 10፣ 12 ፔጂንግ አመጣ። ሊኑክስ በ32 ቢት ላይ ሁሉንም ሴግመንት ከ0 አስጀምሮ 4 ጊጋባይት ወሰን ሰጥቶ ሴግመንቴሽኑን እንደሌለ አደረገው።

ለእኔ ግን ሴግመንቴሽን አልሞተም። ዳይሬክተሪው ራሱ እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት የሆነ የሴግመንት ቴብል ነው፤ ስሙ ነው የተቀየረው።

አሮጌው ከርነል · ከምሽቱ 4:20

ምንጃር፣ ሌላውን ሁሉ እቀበላለሁ፣ የመጨረሻዋን ግን አልቀበልም። ሴግመንት ትርጉም ያለው ነገር ነው፤ ይህ ኮድ፣ ይህ ስታክ ተብሎ ይከፈላል፣ ርዝመቱም እንደ ይዘቱ ነው፣ ወሰኑን የሚያልፍ አድሬስ እዚያው ይያዛል። የዳይሬክተሪ መስመር ስለ ይዘቱ ምንም አያውቅም። በተማሪዋ ምሳሌ ኮዱና ሂፑ አንድ መስመር ሥር ናቸው። በሴግመንት ቢሆን ኮዱን አልፎ ሂፑ ላይ የሚያነብ ፕሮግራም ይያዝ ነበር፤ እዚህ ግን ሁለቱ ስለሚዋሰኑ በመካከል ያልተመደበ ፔጅ እስካልተተወ ድረስ ያለ ከልካይ ያልፋል።

ሌላ ሊታወቅ የሚገባው፣ የዳይሬክተሪው መስመር ፕረዘንት ቢቱ 0 ከሆነ ሲፒዩው ወደ ሁለተኛው ደረጃ ሳይወርድ እዚያው ፔጅ ፎልት ያነሳል። ከርነሉ አድሬሱ ለፕሮሰሱ ከተፈቀደለት ክልል ውስጥ መሆኑን ያያል። ከሆነ አዲስ ቴብል ፈጥሮ መስመሩን ይሞላል፤ ካልሆነ ፕሮሰሱ «ሴግመንቴሽን ፎልት» ተብሎ ይገደላል። ስሙ ከሴግመንት ዘመን ተርፎ የመጣ ነው፤ ዛሬ የሚያነሳው ፔጂንጉ ነው።

የላብ ሥራ ላይ ተማሪዎች ደጋግመው የሚወድቁበትም እዚህ ነው። አዲሱ ቴብል የተመደበለት ፍሬም በፊት ሌላ ዳታ የነበረበት ነው። ሳይጸዳ ዳይሬክተሪው ላይ ከተሰካ፣ የቀረው ቆሻሻ የመጨረሻ ቢቱ 1 በሆነበት መስመር ሁሉ ሲፒዩው «ፔጁ አለ» ብሎ ያነበዋል። ፎልት መነሳት ሲገባው አይነሳም፣ ፕሮግራሙ የማያውቀው ፍሬም ላይ ይጽፋል፤ ስህተቱም ከቦታው ርቆ፣ ቆይቶ ነው የሚታየው። ምልክቱ ይህ ነው፦ ኮዱ ሳይነካ በየሩጫው የተለያየ ቦታ ላይ ይወድቃል። መጀመሪያ 4096ቱን ባይት በ0 መሙላት፣ ከዚያ መሰካት። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም።

ምንጃር · ከምሽቱ 4:29

ጋሼ፣ ትርጉም የለውም የሚለውን እቀበላለሁ። ግን ለሳሳ አድሬስ የሚሰጠው ጥቅም አንድ ነው እላለሁ፤ «ይህ ሁሉ ክልል የለም» በአንድ መስመር መባሉ። በዚህ እንለያይ።

ደብረ ሲና · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:15

ክሩን አሁን ነው ያየሁት፤ የኔም ጉዳይ እዚህ የሚገባ ይመስለኛል። አንድ የፖስትግሬስ ሰርቨር አለኝ፣ 64 ቢት ሊኑክስ፣ `shared_buffers` 8 ጊጋባይት፣ ወደ 150 ቋሚ ኮኔክሽን። `/proc/meminfo` ላይ `PageTables` የሚለው 2.4 ጊጋባይት ገደማ ደርሷል። ሚሞሪው የሳሳ ስለሆነ ነው? መዝገቡ በየቀበሌው እየተከፈተ ነው?

አሮጌው ከርነል · ከጠዋቱ 2:50

አይደለም፤ ያንተ ተቃራኒው ነው። ሚሞሪህ የሞላ ነው፣ ችግሩ መዝገቡ 150 ጊዜ መገልበጡ ነው።

በ64 ቢት አንድ መስመር 8 ባይት ነው፤ አድሬሱ 9፣ 9፣ 9፣ 9 እና 12 ተብሎ በአራት ደረጃ ይከፈላል፣ አሠራሩ ግን ማታ ያየነው መቀስ ነው። 8 ጊጋባይት በ4 ኪሎባይት ሲካፈል 2,097,152 ፔጅ ነው፤ በ8 ባይት 16 ሜጋባይት። ይህ የመጨረሻው ደረጃ ብቻ ነው፣ የላይኞቹ ከሱ አንጻር ኢምንት ናቸው። ዳታው በሁሉም ኮኔክሽኖች የጋራ ነው፤ ፔጅ ቴብሉ ግን የየፕሮሰሱ የግል ነው። በጊዜ ብዛት እያንዳንዱ ኮኔክሽን በፈሩን ሁሉ ሲነካ 16 ሜጋባይቱ ይሞላል። 150 ሲባዛ በ16፣ 2400 ሜጋባይት። ያየኸው ቁጥር ራሱ ነው።

መፍትሔው ባለ2 ሜጋባይት ፔጅ ነው። ያኔ 8 ጊጋባይቱ 4096 መስመር ይሆናል፣ በ8 ባይት 32 ኪሎባይት በየኮኔክሽኑ። `vm.nr_hugepages` ከ4096 ትንሽ ከፍ ይበል፤ ፖስትግሬስ ከበፈሩ ውጭም የጋራ ሚሞሪ ይይዛል። `huge_pages`ን `on` አድርገው። `try` ላይ ከተውከው ቦታው ሲጎድል ዝም ብሎ ወደ 4 ኪሎባይት ይመለሳል፣ አንተም አታውቅም፤ `on` ከሆነ ግን አልነሳም ብሎ ይነግርሃል።

የጠባሴዋ · ከቀኑ 8:05

የመንዝን ምሳሌ በኮድ ሞከርነው። በ64 ቢት አንድ የመጨረሻ ደረጃ ቴብል 512 መስመር ስላለው 2 ሜጋባይት ይሸፍናል ብለን፣ 1 ጊጋባይት ይዘን በየ2 ሜጋባይቱ አንድ ባይት ጻፍን፦

```c
size_t n = 1UL << 30, step = 2UL << 20;
char *p = mmap(NULL, n, PROT_READ|PROT_WRITE,
               MAP_PRIVATE|MAP_ANONYMOUS, -1, 0);
for (size_t i = 0; i < n; i += step) p[i] = 1;
pause();
```

ከዚያ በሌላ ተርሚናል `grep -E 'VmRSS|VmPTE' /proc/PID/status` አልን። 512 ፔጅ ብቻ ስለነካን `VmRSS` 2 ሜጋባይት ገደማ ይጨምራል ብለን ነበር፤ ወደ 1 ጊጋባይት ተጠጋ! የት ነው የተሳሳትነው?

ምንጃር · ከቀኑ 8:20

አልተሳሳታችሁም። ከርነሉ ራሱ ትልቅ ፔጅ እየሰጣችሁ ነው። `/sys/kernel/mm/transparent_hugepage/enabled` ላይ `[always]` የሚል ታያላችሁ። አንድ ባይት ስትነኩ 2 ሜጋባይቱን በሙሉ ይሰጣል፤ 512 ጊዜ ሲሆን 1 ጊጋ ነው። ከ`mmap` ቀጥሎ፣ ከመንካታችሁ በፊት ይህን አስገቡ፦

```c
madvise(p, n, MADV_NOHUGEPAGE);
```

ከዚያ ዳታው ወደ 2 ሜጋባይት፣ የፔጅ ቴብሉን መጠን የሚያሳየው `VmPTE` ደግሞ ፕሮሰሱ ባዶውን ከነበረው በ2 ሜጋባይት ገደማ ከፍ ይላል። ለማነጻጸር `step`ን 4096፣ `n`ን በዑደቱ ውስጥ 2 ሜጋባይት አድርጉት። ያው 512 ፔጅ ይነካል፤ ቴብሉ ግን አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው፣ ከ4 እስከ 8 ኪሎባይት።

የጠባሴዋ · ከቀኑ 9:02

ሠራ። ተበታትኖ ሲሆን `VmPTE` 2 ሜጋባይት ያህል ጨመረ፤ ተሰብስቦ ሲሆን ጭማሪው አይታይም ማለት ይቻላል። የነካነው የፔጅ ብዛት በሁለቱም አንድ ነው።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። `MADV_DONTNEED` ብለን ሁሉንም ስንለቅ `VmRSS` ወረደ፣ `VmPTE` ግን ባለበት ቀረ። ቁራጩ ባዶ ከሆነ ይጣላል አላላችሁም?

አሮጌው ከርነል · ከቀኑ 9:30

ሊጣል ይችላል፤ መጣሉ ግን የከርነሉ ምርጫ ነው። `munmap` ክልሉን ራሱን ስለሚያጠፋ ቴብሎቹንም ይመልሳል። `MADV_DONTNEED` ግን ክልሉን ትቶ ፔጆቹን ብቻ ነው የሚለቀው፤ በአብዛኞቹ የከርነል ቅጂዎች ባዶው ቴብል «ይመለስበት ይሆናል» ተብሎ እንደተሰካ ይቀራል። ቴብሉን ለማስለቀቅ 512ቱም መስመር ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ሌላ ትሬድ በዚያው ቅጽበት እንዳይጠቀምበት መቆለፍ፣ የተተረጎሙ አድሬሶችን ከሚያስታውሰው ከየሲፒዩው ቲኤልቢ ማጥፋት ያስፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ልፋቱ ከ4 ኪሎባይቱ ይበልጣል። ሚሞሪ እየያዘና እየለቀቀ ለወራት ለሚሠራ ሰርቨር ግን ይህ ውሳኔ ልክ ነው ወይ የሚለው ያከራክራል፤ አዳዲስ ከርነሎች ላይ ባዶ ቴብልን መልሶ መሰብሰብ መጨመሩም ለዚህ ነው።

ጣርማ በር · ከቀኑ 9:41

ጋሼ፣ ታዲያ ሰርቨሩ በየጊዜው `munmap` አድርጎ እንደገና `mmap` ቢያደርግ አይሻልም?

አሮጌው ከርነል · ከቀኑ 9:48

እየደጋገምክ የምትመለስበት ክልል ከሆነ አይሻልም፤ በተመለስክ ቁጥር ቴብሉ እንደ አዲስ ይመደባል፣ ይጸዳል፣ ይሰካል። ክልሉን ለረጅም ጊዜ የማትፈልገው ከሆነ ግን ይሻላል። የትኛው እንደሆነ `VmPTE`ን ከ`VmRSS` ጋር አስተያይ። በ4 ኪሎባይት ፔጅ ተሰብስቦ በሞላ ሚሞሪ ቴብሉ ከዳታው 1/512 ገደማ ነው። ወደ አሥረኛ ወይም ወደ ግማሽ ከተጠጋ ወይ ተበታትኗል፣ ወይ ባዶ ቴብል ተከማችቷል።

ደብረ ሲና · ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:10

ሌሊት ላይ አስነሳሁት። መጀመሪያ `on` ብዬ 4096 ብቻ ሰጥቼው አልነሳም አለ፣ ልክ እንደተባለው። 4400 ሳደርገው ተነሳ። አሁን `HugePages_Free` ቀንሷል፣ `PageTables` 60 ሜጋባይት ላይ ነው። ኮኔክሽኖቹ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ሲሞሉ ሰኞ እንደገና አይቼ ቁጥሩን እዚሁ እጽፋለሁ።